በስልክ ያነሷቸውን የሰነድ ፎቶዎች በትክክለኛ ቅደም ተከተል አንድ ፒዲኤፍ ማድረግ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቪዛም ሆነ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ «ሰነዶቹን በሙሉ በአንድ ፒዲኤፍ ይላኩ» ሲል ሰው በአብዛኛው የሚጨነቀው ስለ ፎቶው ጥራት ነው። የአመልካቾችን ፋይል ከመላኩ በፊት ሳይ ግን ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ሌላ ስህተት ነው። እያንዳንዱ ገጽ ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ነገር ግን የትራንስክሪፕቱ ሁለተኛ ገጽ ከቋንቋ ፈተናው ውጤት በኋላ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። መርማሪው ገጹን ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ ላይኖረው ይችላል፤ «ትራንስክሪፕቱ ያልተሟላ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ በይበልጥ የማተኩረው በገጾች ተራ ላይ ነው።

ፎቶዎቹን በተራ ነው ያነሳኋቸው። ፒዲኤፉ ላይ ለምን ተዘበራረቁ?

ፎቶዎቹን ያነሱበት ተራ፣ ጋለሪው የሚያሳይዎት ተራና ፒዲኤፍ የሚሠራው አፕ የሚከተለው ተራ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ ጋለሪ የቅርቡን ፎቶ ያስቀድማል። ከላይ ጀምረው ሁሉንም ከመረጡ የመጨረሻው ገጽ መጀመሪያ ይሆናል፤ ፒዲኤፉ ከጀርባ ወደ ፊት ይገለበጣል። ይህ ስህተት ሲያዩት ስለሚታወቅ ብዙም አይጎዳም።

የሚጎዳው ደግመው ያነሱት ገጽ ነው። አሥራ አንድ ገጽ አንስተው ሲጨርሱ አምስተኛው ላይ የእጅዎ ጥላ እንዳረፈ ያያሉ እንበል። ጥላ ያለበትን ያጠፉና እንደገና ያነሳሉ። አዲሱ ፎቶ የሚይዘው ሰዓት የመጨረሻ ስለሆነ፣ በሰዓት የሚደረድር ማንኛውም አፕ አምስተኛውን ገጽ ከአሥራ አንደኛው በኋላ ያስቀምጠዋል። ሌሎቹ ገጾች እርስ በርስ ያላቸው ተራ ስላልተለወጠ ፋይሉን ላይ ላዩን ሲያዩት ትክክል ይመስላል።

ሦስተኛው ምክንያት የፋይል ስም ነው። ፎቶዎቹን 1፣ 2፣ 3 እያሉ እስከ 11 ሰይመዋቸው ከሆነ፣ ብዙ መሣሪያዎች ስሙን የሚያዩት እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ፊደል ነው። መጀመሪያ የሚያነጻጽሩት የመጀመሪያውን ምልክት ስለሆነ ተራው 1፣ 10፣ 11፣ 2፣ 3 ይሆናል። የዊንዶውስ ፎልደር ቁጥርን እንደ ቁጥር ስለሚያነብ 2ን ከ10 በፊት አስተካክሎ ያሳይዎታል። ያንኑ ፎልደር ለሌላ ፕሮግራም ሲሰጡት ግን ሊዘበራረቅ ይችላል። «ኮምፒውተሬ ላይ እኮ ልክ ነበር» የሚለው ቅሬታ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

ታዲያ ተራው እንዳይፋለስ ምን ላድርግ?

ተራውን በፋይሉ ስም ውስጥ ይጻፉት። ሁሉም ቁጥር እኩል አኃዝ ይኑረው፣ በየመሃሉም ክፍተት ይተዉ። እኔ በአሥር በአሥር እየዘለልኩ በሦስት አኃዝ እሰይማለሁ፦ 010፣ 020፣ 030። አኃዙ እኩል ሲሆን እንደ ቁጥርም ሆነ እንደ ፊደል ቢነበብ ውጤቱ አንድ ነው። የተረሳ ገጽ ቢመጣ ደግሞ 035 ብለው በ030 እና በ040 መካከል ያስገቡታል፤ ሌሎቹን እንደገና መሰየም አያስፈልግም።

አንድ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ እንውሰድ። የተጠየቀው በቅደም ተከተል ፓስፖርት፣ ዲግሪ ከነትርጉሙ፣ ትራንስክሪፕት፣ ሁለት የድጋፍ ደብዳቤዎችና የቋንቋ ፈተና ውጤት ነው። ትራንስክሪፕቱ ፊትና ጀርባው የታተመበት ሁለት ወረቀት ነው፣ ስለዚህ አራት ገጽ ይወጣዋል። ከደብዳቤዎቹ አንዱ አንድ ገጽ፣ ሌላው ሁለት ገጽ ነው። በድምሩ 11 ፎቶ ማለት ነው። ፎልደሩ በመጨረሻ ይህን ይመስላል፦

```
010_passport.jpg
020_degree.jpg
030_degree_translation.jpg
040_transcript_1.jpg
050_transcript_2.jpg
060_transcript_3.jpg
070_transcript_4.jpg
080_letterA.jpg
090_letterB_1.jpg
100_letterB_2.jpg
110_language_test.jpg
```

እነዚሁ ፎቶዎች 1፣ 2፣ 3 ተብለው ቢሰየሙ ኖሮ ከፓስፖርቱ ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር 10፣ ማለትም የሁለተኛው ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ይሆን ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የቋንቋ ፈተናው፣ ዲግሪው ደግሞ በአራተኛ ደረጃ ላይ ይመጣ ነበር። ደግመው ያነሱት የትራንስክሪፕት ገጽም 050 የሚለውን ስም እስከያዘ ድረስ መቼም ቢነሳ ቦታው አይለወጥም።

ስሙን በላቲን ፊደል የጻፍኩት በምክንያት ነው። አንዳንድ የማመልከቻ ገጾች በሌላ ፊደል የተጻፈ የፋይል ስም ወይም በመሃሉ ባዶ ቦታ ያለው ስም አይቀበሉም።

ስልክ ላይ የፎቶን ስም መቀየር ይቻላል?

አንድሮይድ ላይ የፋይል ማስተዳደሪያውን አፕ ከፍተው ፎቶዎቹን ወደ አንድ አዲስ ፎልደር ይቅዱ፣ ከዚያ ቅጂውን ተጭነው ይያዙና `Rename` ይበሉ። አይፎን ላይ የፎቶ አፑ ስም አያስቀይርም። ፎቶዎቹን መርጠው በማጋሪያው ምልክት `Save to Files` ብለው ወደ አንድ አዲስ ፎልደር ያስገቡ፣ ከዚያ እዚያው ይሰይሟቸው። በሁለቱም ላይ የምሠራው በቅጂ ነው፤ ዋናዎቹ ፎቶዎች ጋለሪው ውስጥ ሳይነኩ ይቆያሉ።

ገና አላነሳሁም። በካሜራ ላንሳ ወይስ በስካን አፕ?

በስካን አፕ። ይህን ያለ ምንም ማመንታት እመክራለሁ። አይፎን ላይ `Notes` ወይም `Files` ውስጥ `Scan Documents` የሚል አለ። `Google Drive` አፕ ውስጥም የካሜራ ምልክቱን ሲነኩ ስካን ያገኛሉ። አፑ የወረቀቱን አራት ጠርዝ አግኝቶ ይቆርጣል፣ ተንጋዶ የተነሳውን ያቃናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ገጾቹን በተነሱበት ተራ ያኖራል፣ ካስፈለገም ጎትተው ቦታ ያቀያይሯቸዋል። የተበላሸውን ገጽ እዚያው አፑ ውስጥ ሲደግሙት አዲሱ በአሮጌው ቦታ ይገባል። ላይ ያነሳነው የመጨረሻ ገጽ ላይ የመቀመጥ ችግር አይመጣም።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ። እነዚህ አፖች ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ የሚቀይር ማጣሪያ አላቸው። ጽሑፉ ደምቆ ሲታይ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ሳሳ ብሎ ያረፈ ሰማያዊ ማህተም፣ የእርሳስ ጽሑፍና የወረቀቱ የውሃ ምልክት አብረው ሊጠፉ ይችላሉ። ማህተም የሌለበት ትራንስክሪፕት ደግሞ ለተቀባዩ ያልተረጋገጠ ወረቀት ነው። ስለዚህ ፎቶውን ከነቀለሙ ይተዉት።

ፎቶዎቹ ተሰይመዋል። አሁን እንዴት ላዋህዳቸው?

አይፎን ላይ ፎልደሩን በስም ደርድረው ሁሉንም ይምረጡ፣ ከምናሌው `Create PDF` ይበሉ። የተሠራውን ከፍተው የገጾቹን ትንንሽ ምስል ሲያወጡ ከቦታው የወጣ ገጽ ካለ ጎትተው ይመልሱታል። እዚያው ገጽ ማዞርና መሰረዝም ይቻላል። አንድሮይድ ላይ የስካን አፑ ከጋለሪ ፎቶ የሚቀበል ከሆነ በቁጥራቸው ተራ አንድ በአንድ ያስገቧቸው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መምረጥ ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፣ ግን ተራው የሚፋለሰው እዚያ ላይ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ይሠራል። ፎልደሩን በስም ደርድረው ሁሉንም ከመረጡ በኋላ በመጀመሪያው ፋይል ላይ፣ ማለትም በ010 ላይ፣ የማውሱን ቀኝ ጠቅ አድርገው `Print` ይበሉ። ሌላ ፋይል ላይ ከጫኑ ያ ፋይል አንደኛ ገጽ ሊሆን ይችላል። ማተሚያውን `Microsoft Print to PDF`፣ ወረቀቱን A4 ያድርጉ። ከታች `Fit picture to frame` የሚል ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ያገኙታል፤ ምልክቱን ያንሱት። እሱ ካልተነሳ ፎቶው ወረቀቱን እንዲሞላ ተለጥጦ ጠርዙ ይቆረጣል፤ የስልክ ፎቶ ከA4 ይልቅ ወርዱ ሰፋ ስለሚል ከግራና ከቀኝ የሚሄድ ነገር አለ። አንዴ በዚህ ምክንያት የትራንስክሪፕቱ የቀኝ ጫፍ ላይ ያለው የውጤት ዓምድ በሙሉ የሄደበት ፋይል አይቻለሁ። አመልካቹ ከመላኩ በፊት ገጾቹን አገላብጦ ነበር፣ ነገር ግን የትምህርቶቹ ስም ስላለ ልብ አላለውም።

በትእዛዝ መስመር መሥራት የለመዱ ከሆነ `img2pdf` ፎቶውን ዳግም ሳይጨምቅ እንዳለ ወደ ፒዲኤፍ ያስገባዋል። ተራውም ሙሉ በሙሉ በስሙ ይሆናል፦

```
img2pdf --pagesize A4 --rotation=ifvalid *.jpg -o application.pdf
```

አንዳንዱ ገጽ ተጋድሞ ወይም ተገልብጦ ይወጣል። ስልኬ ላይ ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚታየው።

ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት ስናነሳ ስልኩን ወደ ታች አጋድመን ነው የምንይዘው። በዚያን ጊዜ ስልኩ የትኛው ጎኑ ወደ ላይ እንደሆነ በትክክል አያውቅም፣ ስለዚህ ይገምታል። ግምቱን ፎቶውን ራሱን በማዞር ሳይሆን «ሲታይ በዚህ በኩል ይዙር» የሚል ምልክት ከፋይሉ ጋር በማስቀመጥ ነው የሚመዘግበው። ጋለሪው ምልክቱን ያከብራል፣ አንዳንድ ፒዲኤፍ ሠሪ ግን ችላ ይለዋል። መፍትሔው ፒዲኤፉ ከተሠራ በኋላ የተጋደመውን ገጽ እዚያው አዙሮ ማስቀመጥ ነው። በመመልከቻው ላይ ብቻ አዙረው ሳያስቀምጡ ከዘጉት ለተቀባዩ እንደተጋደመ ይደርሰዋል።

ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው አለኝ። ምን ያህል ልቀንሰው?

ከሚፈቀደው መጠን ወደ ኋላ ያስሉ። አንድ የስልክ ፎቶ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሜጋባይት ይመዝናል፣ ስለዚህ 11 ገጾች 40 ሜጋባይት አካባቢ ይደርሳሉ። የተፈቀደው 5 ሜጋባይት ቢሆን ለአንድ ገጽ 450 ኪሎባይት ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህ ለA4 ገጽ ይበቃል። ፎቶውን ወርዱ 1654፣ ቁመቱ 2339 ፒክስል አካባቢ ካደረጉት በ200 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 200 ነጥብ፣ እንደተቃኘ ወረቀት ይሆናል፤ የጽሑፍ ገጽ በአብዛኛው እዚያ መጠን ውስጥ ይገባል። የተፈቀደው 2 ሜጋባይት ብቻ ከሆነ ወደ 150 ዲፒአይ፣ ማለትም ወደ 1240 በ1754 መውረድ ይኖርብዎታል። ተራ ጽሑፍ ይነበባል፣ የማህተም ዙሪያ ደቃቅ ፊደላት ግን መጉደል ይጀምራሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ጠርዙን ይቁረጡ። የጠረጴዛው እንጨትና ምንጣፉ በፎቶው ውስጥ ቦታ ይይዛሉ፣ ቅርጻቸው የተወሳሰበ ስለሆነም ከነጭ ወረቀት የበለጠ ይከብዳሉ። ሌላው፣ የሚቀንሱት አንዴ ብቻ ይሁን፣ እሱም ከዋናው ፎቶ። አንዴ የተጨመቀውን ደግመው ሲጨምቁት መጠኑ ትንሽ ይቀንሳል፣ የፊደላቱ ዙሪያ ግን እየቆሸሸ ይሄዳል።

የተዋሃደውን ፒዲኤፍ በኮምፒውተር ለመቀነስ `Ghostscript` ያገለግላል። `/ebook` የሚለው ምስሎቹን ወደ 150 ዲፒአይ ያወርዳቸዋል፦

```
gs -sDEVICE=pdfwrite -dPDFSETTINGS=/ebook -dNOPAUSE -dBATCH -sOutputFile=small.pdf application.pdf
```

ፎቶዎቹን ወደ ኮምፒውተር በቴሌግራም ብልካቸውስ?

እንደ ፋይል አድርገው ከላኩ ችግር የለም። እንደ ፎቶ ከላኩ ግን ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክስል ሊወርድ ይችላል፤ ይህ ለA4 ገጽ 110 ዲፒአይ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ላይ የሰጡት ስም ጠፍቶ ሌላ ስም ይተካበታል። ማለትም በ010 እና በ020 የለፉበት ተራ መንገድ ላይ ይቀራል።

አይፎን ያነሳው ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ አልከፍት አለኝ።

`HEIC` በሚባል ዓይነት ስለተቀመጠ ነው። `Settings` ውስጥ `Camera`፣ ከዚያ `Formats` ገብተው `Most Compatible` ቢመርጡ ከዚያ በኋላ የሚያነሷቸው በ`JPG` ይቀመጣሉ። ቀድመው የተነሱትን አይቀይርም።

ሰነዶቹ በምን ተራ ይግቡ? ጀርባቸውስ?

የማመልከቻው መመሪያ ሰነዶቹን የዘረዘረበትን ተራ ይከተሉ፤ ለእርስዎ ሌላ ተራ የተሻለ ቢመስልዎትም። መርማሪው ዝርዝሩን ይዞ እያመሳከረ ነው የሚያየው። ትርጉም ያለው ሰነድ ከሆነ ዋናው ይቅደም፣ ትርጉሙ ወዲያው ይከተል። ትርጉሞችን ሁሉ ሰብስቦ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ የትኛው የየትኛው እንደሆነ ያደናግራል። ጀርባው ላይ ማህተም፣ ፊርማ ወይም የውጤት አሰጣጥ ማብራሪያ ካለ ከፊቱ ቀጥሎ ይገባል። ባዶ ጀርባ አያስፈልግም።

አንዳንዱ ሰነዴ ቀድሞውኑ ፒዲኤፍ ነው። እሱንም ፎቶ ላንሳው?

አያንሱ፣ እንዳለ ያዋህዱት። የፎቶዎቹን ፒዲኤፍና እሱን በሚፈልጉት ተራ ለመግጠም በትእዛዝ መስመር ይህ የ`qpdf` ትእዛዝ ይበቃል፦

```
qpdf --empty --pages 1_scans.pdf 2_statement.pdf -- all.pdf
```

ዲጂታል ፊርማ ያለበት ፒዲኤፍ ግን የተለየ ነው። ከሌላ ጋር ሲዋሃድ ፊርማው መረጋገጡን ያጣል፤ መልኩ ብቻ ይቀራል። ማመልከቻው ለብቻው የሚጭኑበት ቦታ ካለው ለብቻው ይላኩት። በይለፍ ቃል የተቆለፈ የባንክ ስቴትመንት ካለም ከማዋሃድዎ በፊት ቁልፉን ያንሱለት።

ኢንተርኔት ላይ ያሉት ነጻ የማዋሃጃ ገጾች ይጠቅማሉ?

ሥራውን ይሠራሉ፣ ነገር ግን ፓስፖርትዎና የባንክ ሒሳብዎ ወደማያውቁት ሰርቨር ይሄዳል። ከላይ የተዘረዘሩት መንገዶች በሙሉ ማለት ይቻላል ፋይሉን ከስልክዎ ወይም ከኮምፒውተርዎ ሳያስወጡ ይሠራሉ። እኔ ለፓስፖርት እንዲህ ያለ ገጽ ተጠቅሜ አላውቅም።

ከመላኬ በፊት ምን ልፈትሽ?

መጀመሪያ ገጾቹን ይቁጠሩ። በምሳሌያችን 11 መሆን አለበት፤ 12 ከሆነ ጥላ ያለበት አሮጌው ፎቶ ሳይጠፋ አብሮ ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ የመመሪያውን ዝርዝር በወረቀት ይዘው ገጽ በገጽ ያመሳክሩ። ትራንስክሪፕቱ ላይ የታተመ የገጽ ቁጥር ካለ እሱን ይመልከቱ፣ ከሌለ የአንዱ ገጽ የመጨረሻ ሴሚስተር ከቀጣዩ ገጽ መጀመሪያ ጋር መያያዙን ይዩ።

ቀጥሎ ፓስፖርቱ ላይ ያጉሉት። ከታች ያሉት ሁለት መስመሮች እያንዳንዳቸው 44 ምልክት አላቸው፣ «<» ከሚመስሉት የማዕዘን ምልክቶች ጋር አንድ በአንድ መለየት አለባቸው። የመብራት ነጸብራቅ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ካረፈ መብራቱን አጥፍተው በመስኮት ብርሃን እንደገና ያንሱት።

በመጨረሻ ፋይሉን ከተሠራበት በተለየ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱት። የተጋደመው ገጽ፣ የተቆረጠው ጠርዝ የሚታየው እዚያ ነው። የማመልከቻው ገጽ የጫኑትን መልሶ የሚያሳይ ከሆነም ከዚያው አውርደው አንዴ ይዩት።

ልልክ ስል አንድ ገጽ እንደተበላሸ አየሁ። ሁሉንም ልድገም?

አይ። ያንን ገጽ ብቻ አንስተው በዚያው ቁጥር ይሰይሙት፣ አሮጌውን ከፎልደሩ ያውጡትና ማዋሃዱን ይድገሙት። ስሞቹ አንዴ ከተስተካከሉ ይህ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ለአዲሱ ፒዲኤፍ ግን አዲስ ስም ይስጡት፣ አሮጌውን ደግሞ ወዲያው ያጥፉት፤ ሁለት `application.pdf` በአንድ ስልክ ላይ ካሉ የሚጫነው የትኛው እንደሆነ በጥድፊያ ሰዓት አይለይም።